የጉሮሮ ሕመም፦ ጉንፋን፣ ኢንፍሉዌንዛ ወይስ ኮሮና?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ ጉሮሮዬን ያመኛል። መጀመሪያ ከረከረኝ፣ አሁን ምራቅ ስውጥ ራሱ ያማል። ትንሽ ንፍጥ አለኝ፣ ትኩሳት ያለኝ አይመስለኝም። ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰው ታሟል፤ አንዱ ጉንፋን ነው ይላል፣ አንዷ ኢንፍሉዌንዛ ተባልኩ አለች፣ አንዱ ደግሞ ኮሮና። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት፣ አብረን ነው የምንኖረው። በምን ልለየው? አሞክሳሲሊን ልጀምር?»

እህቴ፣ አሞክሳሲሊኑን ለጊዜው ተዪው። ለምን እንደሆነ በኋላ እመጣበታለሁ። ከሁሉ በፊት ከዛሬ ማታ ጀምሮ ከእናትሽ ጋር አንድ ክፍል አትደሪ። እሷ ባለችበት ማስክ አድርጊ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ማዕድ ለዩ፣ ጉርሻውም ለጥቂት ቀን ይቅር። የያዘሽ ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ይሄ አይቀየርም፤ ስለዚህ ስሙ እስኪታወቅ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። «ጉሮሮዬን ይዩልኝና ምን እንደሆነ ይንገሩኝ» የሚለኝ ሰው በየቀኑ አይጠፋም። አፉን አስከፍቼ በባትሪ አያለሁ። የማየው አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለ ጉሮሮ ነው፣ በቃ። ጉንፋን ያቀላዋል፣ ኢንፍሉዌንዛም ያቀላዋል፣ ኮሮናም እንደዚያው። በቀለሙ ብቻ ሦስቱን የሚለይ ሐኪም አላውቅም፤ ለየሁት ካለሽ ገምቶ ነው። የሚጠቅመኝ ባትሪው ሳይሆን ጥያቄው ነው። መቼ ጀመረህ? መጀመሪያ የመጣው ጉሮሮው ነው ወይስ ሌላ ነገር? ከዚያ በኋላ ምን ተከተለ? ዛሬ ከትናንት ይሻላል ወይስ ብሷል? ሦስቱም ጉሮሮ ያሳምማሉ፣ ግን ጉሮሮው የሚገባበት ተራ እና የሚቆይበት ጊዜ ይለያያል። ስለዚህ ጉሮሮውን በመስታወት ማየቱን ተዪና ሰዓት ቁጠሪ።

ከጉንፋን እንጀምር። ጉንፋን የሚባለው የአንድ ቫይረስ ሥራ አይደለም፤ ብዙዎች ናቸው። ዋናው ራይኖቫይረስ ይባላል፣ እሱ ብቻውን ከ160 በላይ ዓይነት አለው፤ ዕድሜ ልካችንን ጉንፋን ደጋግሞ የሚይዘን ለዚህ ነው። ከተጋለጥሽ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጀምርሻል። አብዛኛውን ጊዜ በር የሚከፍተው ደግሞ ጉሮሮ ነው። ማታ ላይ ከረከር ይላል፣ ደረቅ ደረቅ ይልሻል፣ ሻይ ስትጠጪ ለቀቅ ያደርግሻል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ መዋጥ የሚያስጠላ አይደለም፣ የሚያናድድ ነው እንጂ። ዋናው ነገር ቶሎ ቦታውን መልቀቁ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጉሮሮው ይቀልና አፍንጫ ይረከባል፦ ማስነጠስ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንፍጥ፣ ከዚያ መታፈን። ሳል ከመጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን። አዋቂ ሰው ላይ ትኩሳት ብዙም አይታይም፤ ልጆች ላይ ግን ሊኖር ይችላል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሳሉ ካልቆየ በቀር ሁሉም ያልቃል።

ጉንፋን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አፍንጫ ሲታፈን ሌሊቱን በአፍ ነው የምንተነፍሰው። በተለይ በጥቅምትና በኅዳር፣ የአዲስ አበባ ሌሊት ደረቅና ቀዝቃዛ በሚሆንበት ጊዜ፣ ጠዋት ስትነሺ ጉሮሮሽ እንደ ብራና ደርቆ ታገኚዋለሽ። «አራተኛ ቀኔ ነው፣ ጉሮሮዬ አልተወኝም» ይሉኛል። ቁርስ በልተህ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥተህ፣ አራት ሰዓት ላይ እንዴት ነው? ስላቸው «ያኔማ የለም» ይላሉ። ያ የድርቀት ሕመም ነው። ቀኑን ሙሉ ከሚያም ጉሮሮ ጋር አንድ አይደለም።

ኢንፍሉዌንዛ ሌላ ነገር ነው። እኛ አገር «ከባድ ጉንፋን» እያልን እናልፈዋለን፣ ስሙ ያሳስተናል መሰለኝ። ጉንፋን ተንፏቆ ይመጣል፤ ኢንፍሉዌንዛ ግን ይጥልሻል። አንድ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ታካሚዬን አስታውሳለሁ። መቼ ጀመረህ ስለው «ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ብር ሲቆጥር ደህና ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ብርድ ብርድ አለው፣ ጃኬቱን ደረበ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሒሳቡን መዝጋት አቅቶት ጓደኛው ዘጋለት። ታክሲ ውስጥ ጭኑና ወገቡ ተቆራረጠ፣ ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ ከጀርባው ያመው ነበር። ማታ ቤቱ ሲለካ 39.4። ጉሮሮህስ? ስለው ትንሽ አሰብ አደረገና «አዎ፣ እሱም ያመኛል» አለኝ። ልብ በይ፣ ጉሮሮውን እኔ ካልጠየቅኩት አያነሳውም ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ላይ ጉሮሮ አጃቢ ነው፣ ሙሽራው ትኩሳቱና ቁርጥማቱ ናቸው። የተጀመረበትን ሰዓት በትክክል የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽ ኢንፍሉዌንዛን ጠርጥሪ።

ሰው ከተጋለጠ ከአንድ እስከ አራት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ደረቅ ሳሉ እንደ ጉንፋን ዘግይቶ አይመጣም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቱቦውን ሽፋን ስለሚልጠው ሳል ሲመጣ ደረት መሐል፣ ከአጥንቱ ጀርባ፣ እንደመላጥ ያማል። ንፍጡ ግን ከጉንፋን ያነሰ ነው። ትኩሳቱ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሳሉና ድካሙ ሁለት ሳምንትም ሊከተሉሽ ይችላሉ። ሳምንት ካለፈሽ በኋላም ደረጃ ወጥተሽ ቁጭ ማለት ቢያምርሽ አይግረምሽ።

እግረ መንገዴን፣ በሽታውን አገራችን በደንብ ታውቀዋለች። በዓለም «የስፔን ጉንፋን» የተባለው ወረርሽኝ በ1911 ኅዳር ወር አዲስ አበባን ሲመታ ነው የእኛ ሰው «የኅዳር በሽታ» ያለው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጥነው የዚያ ትዝታ ነው። ጭሱ ለታመመ ጉሮሮ ጥሩ ነገር አይደለም፣ እሱን ግን ለጎረቤት መንገር ከባድ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ሳልል አላልፍም። ድንገት ትኩሳትና ቁርጥማት የያዘው ሰው ደም ሰጥቶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ የደም ምርመራ ድሮ በተነሳ ነገር ምክንያትም ፖዘቲቭ ሊል ስለሚችል ብቻውን ብዙም አይታመንም። ትኩሳትሽ ከጉሮሮ ሕመምና ከደረቅ ሳል ጋር አብሮ ድንገት ከመጣ፣ ቤት ውስጥም ሌላ ሰው በሁለት ቀን ልዩነት ከተከተለሽ፣ ታሪኩ የመተንፈሻ ቫይረስ ታሪክ ነው። ወባ ካለበት አካባቢ በቅርቡ መጥተሽ ከሆነ ግን ጉሮሮ ይመምሽ አይመምሽ የወባ ምርመራ አይቀርም።

ወደ ኮሮና ስንመጣ የምታስታውሺው ኮሮና እና አሁን ያለው ኮሮና አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ አለብሽ። መጋቢት 2012 የመጀመሪያው ሰው አገራችን ላይ ሲገኝ የምንፈራው ሳልን፣ ትኩሳትን፣ የትንፋሽ ማጠርንና ሽታ ማጣትን ነበር። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ከመጣ ወዲህ ግን ቫይረሱ ከሳንባ ይልቅ ላይኛው መተንፈሻ ላይ የመራባት ጠባይ አሳየ። ጉሮሮ ፊት ወጣ። እንግሊዝ አገር በተከተቡ ሰዎች ላይ ከሱ በፊት የነበረውን ዴልታ የተባለውን ዝርያና ኦሚክሮንን ያነጻጸረ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። በዴልታ ጊዜ ከመቶ ሰው 53ቱ ሽታ ጠፋብኝ ሲሉ በኦሚክሮን ጊዜ ይህን ያሉት 17 ብቻ ነበሩ። ጉሮሮዬን አመመኝ ያሉት ደግሞ ከ61 ወደ 70 ከፍ አሉ። ስለዚህ «ቡና ሲቆላ ይሸተኛል፣ እንግዲያው ኮሮና አይደለም» የሚለው አሮጌ መፈተኛ ዛሬ አይሠራም። በተቃራኒው ግን ይሠራል፦ አፍንጫሽ ክፍት ሆኖ፣ ሳይታፈን፣ ቡናው ካልሸተተሽ ያ ጠንካራ ምልክት ነው። አፍንጫ ታፍኖ ሽታ መጥፋቱ ማንኛውም ጉንፋን ላይ ያለ ነው።

የኮሮና ጉሮሮ እንዴት ነው? ከተጋለጡ ከሦስት ቀን አካባቢ በኋላ ይጀምራል፣ ሁለትም አምስትም ሊሆን ይችላል። መነሻው ከጉንፋን ጋር አንድ ነው፣ ከርከር ማለት። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ጉንፋን በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጉሮሮውን ሲለቅ፣ ኮሮና በዚያው ቀን ሲያጠብቅ ብዙ ጊዜ አያለሁ። ምራቅ መዋጥ ያስፈራል። «ምላጭ የዋጥኩ ይመስለኛል» የሚሉኝ ታማሚዎች አሉ። ከዚያ ጋር ድካም፣ ራስ ምታት፣ ንፍጥ፣ ሳል ይኖራል። ትኩሳት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፣ ካለም ብዙውን ጊዜ እንደ ኢንፍሉዌንዛ አይንቀለቀልም። ግን ይሄን እንደ ሕግ አትያዢው። ግማሽ ቀን ብቻ ከርክሮት ያለፈለት ኮሮና አለ፣ አራት ቀን ጉሮሮ ያሰቃየ ጉንፋንም አለ። እንዲያውም ተራ ጉንፋን ከሚያስይዙን ቫይረሶች አራቱ ራሳቸው የኮሮና ቤተሰብ ናቸው፣ ከ2012 በፊትም አብረውን የኖሩ። ዘመዳሞች ስለሆኑ መልካቸው ቢመሳሰል አይፈረድባቸውም።

እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን ልንገርሽ። ማክሰኞ ማታ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ረቡዕ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት በራፒድ ኪት ተመረመርኩ፣ ኔጌቲቭ። ደስ አለኝ። ጉንፋን ነው ብዬ ሐሙስ አክስቴ ቤት ዝክር ሄድኩ፤ ያለ ማስክ፣ አጠገቧ ተቀምጬ። ሐሙስ ማታ ጉሮሮዬ መቅለል ሲገባው ባሰ። አርብ ጠዋት ውሃ መዋጥ ፈራሁ። ደግሜ ስመረመር ሁለተኛው መስመር አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ወጣ። አክስቴ ሰኞ ታመመች። ቀለል ብሎ አለፈላት እንጂ ለሌላ ሰው እየነገርኩ እኔ ያልሠራሁበት ነገር ነበር፦ የመጀመሪያ ቀን ኔጌቲቭ «የለም» ማለት አይደለም፣ «ገና አልታየም» ማለት ሊሆን ይችላል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ራፒድ ምርመራው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው፣ መጠኑ በዛ ካላለ አያየውም። አሁን አብዛኞቻችን ወይ ተከትበናል ወይ ታመን ስለምናውቅ ሰውነታችን ቶሎ ይነቃል። ጉሮሮው የሚከረክርሽ ቫይረሱ አፍንጫሽ ውስጥ ገና በደንብ ሳይበዛ ነው። ስለዚህ ምልክት ያለው ሰው ኔጌቲቭ ካለው ከ48 ሰዓት በኋላ መድገም አለበት። አሠራሩም ላይ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ንፍጥሽን ተናፈጪ። እንጨቱን በሁለቱም አፍንጫ፣ ወረቀቱ እንዳዘዘው፣ ግድግዳውን እያስነካሽ አዙሪ፤ ጫፉን ብቻ ነካ አድርጎ ማውጣት ምርመራ አይደለም። ውጤቱን ወረቀቱ በሚለው ደቂቃ አንብቢ፣ ብዙዎቹ 15 ይላሉ። ሲ የሚለው መስመር ካልወጣ ኪቱ ተበላሽቷል፣ ጣዪው። ቲ የሚለው ጋ የወጣው መስመር የቱንም ያህል ቢደበዝዝ ፖዘቲቭ ነው። «ትንሽ ናት» የሚባል ነገር የለም። ከምትገዢ በፊት የማብቂያ ቀኑን እዪ። ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመውንም አትግዢ። ኮሮናንና ኢንፍሉዌንዛን በአንድ ላይ የሚያይ ኪት ካገኘሽ እሱ ይሻላል።

አሁን ያንቺን ነገር እንሥራው። ከትናንት ወዲያ ማታ ነው የጀመረሽ፣ ዛሬ ማታ 48 ሰዓት ይሞላል። ኢንፍሉዌንዛ የመሆን ዕድሉን ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የጀመረሽ፣ አልጋ ላይ አልጣለሽም፣ ቁርጥማት አላነሳሽም። ግን «ትኩሳት ያለኝ አይመስለኝም» የሚለው አይበቃኝም። በእጅ ግንባር መንካት መለኪያ አይደለም። ቴርሞሜትር ገዝተሽ ዛሬ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ለኪ፣ ትኩሳት ወደ ማታ ነው ከፍ የሚለው። ፓራሲታሞል ከመውሰድሽ በፊት ይሁን፤ ከወሰድሽ ለአራት ለስድስት ሰዓት ያህል ሊደብቅብሽ ይችላል። በብብት ከለካሽ ደግሞ ከአፍ ልኬት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚያነብ ያዢ።

እንግዲህ የቀሩት ጉንፋንና ኮሮና ናቸው። ጉንፋን ቢሆን ዛሬ ጉሮሮሽ ከትናንት ቀለል ብሎ አፍንጫሽ መረከብ ነበረበት። አንቺ የምትይው ግን ጉሮሮው ከመከርከር ወደ ምራቅ ማስፈራት መሄዱን ነው፣ ንፍጡም ትንሽ ነው። ይሄ ወደ ኮሮና ያዘነብላል። አልወሰንኩም፣ ያዘነብላል ነው ያልኩት። ቢሮ ውስጥ ኮሮና የተባለው ሰውዬ ተመርምሮ ነው ወይስ ገምቶ? ተመርምሮ ከሆነ ከሱ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብራችሁ የዋላችሁት መቼ ነው? አንቺ ከመታመምሽ ከሁለት እስከ አምስት ቀን በፊት ከሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። ትዝ ይበልሽ፣ ሰው ከመታመሙ አንድ ሁለት ቀን ቀድሞም ማስተላለፍ ይችላል፤ ስለዚህ «ያኔ ደህና ነበር» ማለት አያስጥልም። ኢንፍሉዌንዛ የተባለችውንም እንዲሁ ጠይቂያት። ሦስት የተለያየ ስም የያዙ ሦስት ሰዎች አንድ ቫይረስ ይዟቸው የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ተመርመሪ። ፖዘቲቭ ከሆነ ኮሮና መሆኑ ታወቀ። ኔጌቲቭ ከሆነ ከእናትሽ እንደተለየሽ ቆዪና ከነገ ወዲያ ድገሚ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ሆኖ አፍንጫው ከበረታ፣ ጉሮሮው ከቀለለ፣ ጉንፋን ብለን እንዘጋዋለን። ኮሮና ከሆነ ደግሞ አምስት ቀን አካባቢ ቤት መቆየት፣ ከዚያም እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ እናትሽ ፊት ማስኩን አለማውለቅ ይሻላል።

ስለ እናትሽ። ዕድሜዋና ስኳሯ ሲደመር ኢንፍሉዌንዛም ኮሮናም ሊከብዳት ይችላል። እሷ ጉሮሮዬን ከረከረኝ ካለች እንዳንቺ ሦስት ቀን እያየን አንቆጥርም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ትሂድ። ምክንያቱ ሰዓት ነው። ለኢንፍሉዌንዛ ኦሴልታሚቪር የሚባል መድኃኒት አለ፣ በደንብ የሚጠቅመው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። በየፋርማሲው አይገኝም፣ ለመፈለግ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። የስኳሯን መድኃኒት ስለታመመች ብላ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ኢንፌክሽን ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ በቀን ደጋግማችሁ ለኩ። የምትበላው ከቀነሰ ወይም ካስመለሳት ግን መጠኑን ለማስተካከል ሐኪሟ ጋ ደውሉ። ማርም ለጉሮሮ ጥሩ ነው እያልሽ በማንኪያ በማንኪያ እንዳትሰጫት።

በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ ዛሬ ደህና ሳለች ለኩላትና ጻፉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያነብ ብዙ አይገርምም፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው «ከ95 በታች አደገኛ ነው» የሚለው ለባሕር ዳርቻ ሰዎች የተባለ ነው። ለእናንተ የሚጠቅማችሁ ከራሷ ቁጥር ምን ያህል ወረደች የሚለው ነው። ሦስት አራት ነጥብ ወርዶ እዚያው ከቆየ፣ ወይም ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ቁጥሩ ምንም ይበል ምን ይዘሻት ሂጂ።

አሁን አሞክሳሲሊን። ሦስቱም ቫይረስ ናቸው፣ አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ ነው የሚገድለው። «ባለፈው ወስጄ በሦስተኛው ቀን ዳንኩ» ይሉኛል፤ የጉንፋን ጉሮሮ ባይወስዱም በሦስተኛው ቀን ነበር የሚለቀው። መድኃኒቱ ያገኘው ምስጋና የሰዓቱ ነው። በነጻ ግን አይደለም፣ ተቅማጥና ሽፍታ ሊያመጣ ይችላል፣ ባክቴሪያውንም ያለማምዳል።

የሚገባበት ቦታ አለ። ስትሬፕ የሚባል ባክቴሪያ ጉሮሮን ሲይዝ። እሱ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይበዛል። ድንገት ይጀምራል፣ ትኩሳት አለው፣ መንጋጋ ሥር ያሉት ዕጢዎች አብጠው ሲነኩ ያማሉ፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ሊታይ ይችላል። ትልቁ ምልክት ግን የሌለው ነገር ነው፦ ሳል የለም፣ ንፍጥ የለም። ይሄን ለልጆች ችላ ማለት የለብንም፣ ምክንያቱም ያልታከመ ስትሬፕ ቆይቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸውን ሩማቲክ የተባለውን የልብ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ እኛ አገር ወጣት እያለ ልቡ የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መነሻው ይሄ ነው። እዚያ ጋ ፔኒሲሊን ወይም አሞክሳሲሊን በሐኪም ታዞ፣ አሥሩን ቀን ሙሉ ይወሰዳል፣ ቢሻልም አይቋረጥም። አንቺ ግን አዋቂ ነሽ፣ ንፍጥ አለሽ፣ ቢሯችሁም በቫይረስ ታሟል። ሩቅ ነው። ደግሞ «እንጥልሽ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚልሽ ዘመድ ካለ አትስሚ። ጉሮሮ ሲቆጣ እንጥልም ያብጣል፣ ጉሮሮው ሲድን እሱም ይመለሳል። መቁረጡ ያመጣውን መድማትና መመረዝ ድንገተኛ ክፍል ያየነው እኛ ነን።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ ውሰጂ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ አይለፍ። የጉበት ችግር ካለብሽ ወይም ሰውነትሽ ቀጭን ከሆነ ከዚህም ይቀነሳል፣ ጠይቂ። «የጉንፋን መድኃኒት» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው፤ ሁለቱን ደርበሽ ሳታውቂው እንዳታልፊ ጀርባውን አንብቢ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አሟሙተሽ ተጉመጥመጪና ትፊው፣ ማስታገሱን አልጠራጠርም። ዝንጅብል ሻይ በማር ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ማር ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን አይሰጥም። ቡናው ይጠጣ፣ ዕጣኑ ይቅር። ልጆች ቤት ካሉ አስፕሪን አትስጪ፣ በተለይ ኢንፍሉዌንዛ ከተጠረጠረ።

ሰዓት መቁጠሩን ትተሽ በቀጥታ ሆስፒታል የምትሄጂባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ምራቅሽን መዋጥ አቅቶሽ ከአፍሽ ከወጣ። አፍሽን መክፈት ካልቻልሽ፣ ወይም ድምፅሽ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ እንደያዘ ሰው ከታፈነ፣ በተለይ ሕመሙ በአንድ ጎን ከሆነ፤ ቶንሲል ጀርባ መግል ሊሆን ይችላል። ቁጭ ብለሽ ትንፋሽ ካጠረሽ። እናትሽ ግራ ከተጋባች ወይም መብላት ከተወች። እንዲሁም ተሻለኝ ብለሽ ሁለት ቀን ቆይተሽ ትኩሳቱ በአዲስ ከተነሳ፤ ይሄ ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ ሳንባ ምች ሲገባ የሚታይ ነው፣ ሰው «አገረሸብኝ» ብሎ ስለሚተኛበት ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።

ነገ ማታ ሦስት ነገር ጻፊልኝ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የለካሽውን ሙቀት፣ ጉሮሮው ከዛሬ ቀለለ ወይስ ባሰ፣ እና ኪቱ ያሳየሽን። ኮሮና የተባለው የቢሮ ሰው ተመርምሮ ከሆነም ቀኑን አክይበት።